የምግብ መጽሐፍ ገጽ በፎቶ ሲደርሳችሁ፦ ከአሜሪካ መጽሐፍ እስከ አዲስ አበባ ምድጃ

አሜሪካ ያለ ዘመድ የምግብ መጽሐፍ ገጽ በስልኩ ያነሳና በቴሌግራም ይልካል። «ሞክሪው፣ በጣም ይጣፍጣል» የሚል መልእክት ይከተላል። እንግሊዝኛው ብዙም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ሌላው ነው። «ካፕ» የሚለው የትኛው ኩባያ ነው? ምድጃዬ 250 ላይ እያለቀ 350 ዲግሪ ከየት ይመጣል? «ፎልድ» ማጠፍ ከሆነ ሊጥ እንዴት ይታጠፋል?

አንድ ገጽ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሄዳለን። የመረጥኩት አሜሪካኖች «ባናና ብሬድ» የሚሉትን ነው። እዚያ አገር በሚታተሙ የቤት ውስጥ የምግብ መጻሕፍት ውስጥ በብዛት ይገኛል፣ ዕቃውም እኛ ጋ አይጠፋም። ስሙን ግን «የሙዝ ዳቦ» ብዬ አልተረጉመውም። ዳቦ ሲባል እጃችን ወደ እርሾና ወደ ማሸት ይሄዳል። ይህ እርሾ የለውም፣ አይታሽም። የሙዝ ኬክ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ የሥራ ደንብ። ወረቀታችሁን ለሁለት ክፈሉት። በአንድ በኩል መጽሐፉ ያለውን ብቻ ጻፉ፣ ምንም ሳትጨምሩ። በሌላው በኩል ለእናንተ ወጥ ቤት የቀየራችሁትን ጻፉ። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ኬኩ ሲበላሽ ጥፋቱ የትርጉሙ ይሁን የለውጡ አታውቁም።

ፎቶውን እንደገና አስነሱ

ብዙ ስህተት የሚጀምረው ከፎቶው ነው። መጽሐፍ ሲገለጥ መሃሉ ላይ ይጎብጣል። የዕቃዎቹ መጠን ደግሞ የሚጻፈው በገጹ ግራ ጠርዝ ነው። ስለዚህ አዘገጃጀቱ ቀኝ ገጽ ላይ ከሆነ ቁጥሮቹ በሙሉ ጉብጠቱ ውስጥ ይገባሉ።

ላኪውን ጠይቁ፤ አያፍርባችሁም። መጽሐፉን መስኮት አጠገብ በደንብ ገልጦ፣ ጠርዙን በእጁ ተጭኖ፣ ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርጎ ያንሳው። ፍላሹን ያጥፋ። በሚያብለጨልጭ ወረቀት ላይ ፍላሽ ነጭ ክብ ይጥላል፣ ያ ክብ ደግሞ እንደ ዕድል ሆኖ የሚያርፈው ቁጥር ላይ ነው።

ሁለት ተጨማሪ ፎቶ ይላክላችሁ። አንደኛው የሚቀጥለው ገጽ ነው፤ አዘገጃጀቱ እዚያ ሊቀጥል ይችላል። ሁለተኛው የት አገር እንደታተመ የሚናገረው የመጀመሪያው ገጽ ነው። ይህን ማንም አይልክም፤ ግን ግማሹን ጥያቄ የሚመልሰው እሱ ነው።

ምክንያቱም «ካፕ» በየአገሩ ይለያያል። የአሜሪካው 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። የአውስትራሊያው 250 ነው። የአውስትራሊያ የሾርባ ማንኪያ ደግሞ 20 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ የአሜሪካና የእንግሊዝ 15 ነው። የእንግሊዝ መጽሐፍ ከሆነ ብዙውን በግራም ወይም በአውንስ ይጽፈዋል። የመጀመሪያው ገጽ ካልተገኘ ቃላቱ ራሳቸው ይናገራሉ። ቅቤን በ«ስቲክ» የሚቆጥር፣ ዱቄትን «ኦል ፐርፐስ» የሚል መጽሐፍ አሜሪካዊ ነው። «ፕሌይን ፍላወር»፣ «ካስተር ሹገር» ካያችሁ ከእንግሊዝ ወይም ከአውስትራሊያ ነው፤ «ጋዝ ማርክ» ካለበት ግን ከእንግሊዝ መሆኑ አይቀርም።

ቁጥሮቹን በእጅ ገልብጡ

ስልኩ ጽሑፉን ከፎቶው ላይ አንብቦ ይተረጉምላችኋል። ለዓረፍተ ነገሩ ይጠቅማል። ለቁጥሩ ግን አትመኑት። ፎቶውን አጉሉና እያንዳንዱን ቁጥር በዓይናችሁ አይታችሁ በብዕር ጻፉት።

የሚሳሳትባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። አንድ ከግማሽ ሲጻፍ ½ ትንሽ ሆና ከ1 ጎን ትለጠፋለች፤ ስልኩ 11/2 ብሎ ያነባታል። ደብዘዝ ባለ ፎቶ ¼ እና ¾ ይምታታሉ። የዲግሪ ምልክቷን ትንሽ ክብ እንደ ዜሮ ቆጥሮ 350ን 3500 ያደርጋታል፤ ይሄኛው እንኳ ያስቃል እንጂ አያሳስትም። ከሁሉም የከፋው የማንኪያው ምህጻረ ቃል ነው። አንዳንድ መጽሐፍ ትልቁን ቲ ለሾርባ ማንኪያ፣ ትንሹን ቲ ለሻይ ማንኪያ ይጠቀማል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሦስት የሻይ ማንኪያ ነው። ሶዳ በሦስት እጥፍ የገባበት ኬክ ሳሙና ሳሙና ይላል።

የተጠራጠራችሁትን ቁጥር ከሌሎቹ ጋር አስተያዩት። መጽሐፉ ቅቤውን «½ ካፕ፣ 1 ስቲክ» ብሎ ሁለት ጊዜ ከጻፈው አንዱ ለሌላው ምስክር ነው፤ አንድ ስቲክ ምንጊዜም ግማሽ ካፕ ነውና። ዱቄቱ ½ ካፕ፣ ስኳሩ ¾ ካፕ ሆኖ ከተነበበ ደግሞ የሆነ ነገር ጎድሏል። በእንዲህ ዓይነት ኬክ ዱቄቱ ከስኳሩ ይበዛል። ወደ ፎቶው ተመለሱ፤ ከ½ በፊት የነበረችው 1 ጉብጠቱ ውስጥ ቀርታለች።

ኩባያ፣ ማንኪያ፣ ሚዛን

«ካፕ»ን ስኒ ብላችሁ አትተርጉሙ። ስኒ ካላችሁ አንባቢዋ የቡና ስኒ ታነሳለች፤ የቡና ስኒ የአሜሪካውን ካፕ ሲሶ እንኳ መያዙ ያጠራጥራል። ብርጭቆም እንደየቤቱ ነው። እኔ «ኩባያ» እልና መጀመሪያ ሲመጣ «240 ሚሊ ሊትር የሚይዝ» ብዬ እጽፋለሁ።

የመለኪያ ኩባያ ከሌለ ከቤት ማውጣት ይቻላል። አንድ የሻይ ብርጭቆ ወይም ኩባያ ሚዛን ላይ አስቀምጡና ሚዛኑን ዜሮ አድርጉ። ውሃ ጨምሩበት። 240 ግራም ውሃ 240 ሚሊ ሊትር ነው። የደረሰበት ቦታ በማርከር ምልክት አድርጉ። ሚዛንም ከሌለ የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ አለ፤ ግማሹ 250 ስለሆነ ከዚያ ትንሽ ጎደል ማድረግ ነው።

ደረቅ ነገር ሲመጣ ግን ከኩባያ ይልቅ ሚዛን ይሻላል። አንድ ኩባያ ዱቄት በማንኪያ እየተጨመረ ቢሞላ 125 ግራም ገደማ ይመዝናል። ኩባያው ራሱ ዱቄቱ ውስጥ ገብቶ ቢዝቅ እስከ 150 ግራም ይደርሳል። ያው ኩባያ፣ ያው ዱቄት፣ ግን የተለያየ ኬክ። ስለዚህ ስትተረጉሙ ግራሙን አብራችሁ ጻፉ። ነጭ ስኳር አንድ ኩባያ 200 ግራም ነው። ቡናማ ስኳር ላይ «ፓክድ» የሚል ካለ ኩባያው ውስጥ ተጠቅጥቆ ይለካ ማለት ነው፤ ሳይጠቀጠቅ ከተለካ በጣም ያንሳል። የአሜሪካ ቅቤ አንድ ስቲክ 113 ግራም ነው።

የዕቃዎቹ ዝርዝር ውስጥ ደግሞ አንዲት ነጠላ ሰረዝ አለች፣ ተርጓሚ ሁሉ የሚያልፋት። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ «½ ካፕ የተከተፈ ዋልነት» ሲል መጀመሪያ ክተፉ፣ ከዚያ ለኩ ማለቱ ነው። «½ ካፕ ዋልነት፣ የተከተፈ» ሲል ግን መጀመሪያ ለኩ፣ ከዚያ ክተፉ ማለቱ ነው። ዱቄትም እንዲሁ ነው፤ ተነፍቶ የተለካና ተለክቶ የተነፋ በክብደት አይተካከሉም። በአማርኛ ሁለቱንም «የተከተፈ ዋልነት ½ ኩባያ» ብለን ስንጽፍ ልዩነቱ ይጠፋል። መፍትሔው ግልጽ አድርጎ መጻፍ ነው፦ «ዋልነት ½ ኩባያ፤ ከተለካ በኋላ የሚከተፍ»።

ስለ ዕቃዎቹ ጥቂት ልበል። «ኦል ፐርፐስ» ዱቄት በእኛ ሱቅ ፉርኖ ዱቄት የምንለው ነው። «በተር» የገበታ ቅቤ ነው። የተነጠረ ቅቤ አይተካውም። የገበታ ቅቤ ውስጥ ውሃ አለ፤ ከስኳር ጋር ሲመታም አየር ይይዛል። የተነጠረው ውሃው አልቋል። ኮረሪማውና በሶብላው ካለበት ደግሞ ኬኩ ሌላ ነገር ይሆናል። ቤኪንግ ሶዳና ቤኪንግ ፓውደርም አይለዋወጡም። ሶዳው ከፓውደሩ ሦስት እጥፍ ገደማ ይበረታል፣ የሚሠራውም ጎምዛዛ ነገር ሲያገኝ ነው። እዚህ ኬክ ውስጥ ሙዙና ቡናማ ስኳሩ ያን ሥራ ይሠሩለታል።

ሙዙን «3» ብሎ መተው ደግሞ አያስተማምንም። የአርባ ምንጭ ሙዝ ከአሜሪካ ሱቅ ሙዝ ሊያንስ ይችላል። መጽሐፉ በቅንፍ «ሲፈጭ 1¼ ካፕ» ብሎ ከጻፈ ዋናው መጠን እሱ ነው፤ 300 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። አራት ወይም አምስት ሙዝ ቢፈጅ ይፍጅ። እንቁላሉም እንዲሁ ነው። የአሜሪካ «ላርጅ» እንቁላል ያለ ቅርፊቱ 50 ግራም ገደማ ይመዝናል። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ከዚያ ያንሳልና ሁለት የሚለው ቦታ ሦስት ሊያስፈልግ ይችላል።

ግሶቹ

ትርጉሙ የሚከብደው እዚህ ነው። የምግብ መጽሐፍ ግስ አንድ ቃል ብቻ ይሁን እንጂ እጅ ምን እንደሚሠራ፣ በምን ፍጥነት እንደሚሠራና መቼ እንደሚያቆም ሁሉ በውስጡ ይዟል። ስለዚህ በአንድ የአማርኛ ቃል ለመመለስ አትታገሉ። በዓረፍተ ነገር ጻፉት።

ከሙዝ ኬኩ እንጀምር። የመጀመሪያው መስመር ቅቤና ስኳሩን «ክሪም» አድርጉ ይላል። ክሬም የሚባል ነገር ይጨመራል ማለት አይደለም። ለስላሳ ቅቤ ከስኳር ጋር ይመታል፣ ስኳሩ ቅቤው ውስጥ እየፈተገ አየር ያስገባል። በእጅ ማደባለቂያ ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ይወስዳል። መቼ እንደሚቆም የሚያሳየው መልኩ ነው፤ ቀለሙ ነጣ ይላል፣ መጠኑ ይጨምራል፣ ማንኪያ ላይ ቀለል ይላል። እንግዲህ አማርኛው «ቅቤውና ስኳሩ እስኪነጣና ቀለል እስኪል መምታት» ይሆናል። ቅቤው ለስላሳ ይሁን ሲልም የቀለጠ ማለቱ አይደለም። ጣት ሲጫነው የሚሰረጉድ ግን ቅርጹን ያልለቀቀ ቅቤ ነው። የቀለጠ ቅቤ አየር አይይዝም።

ቀጥሎ እንቁላሉን «ቢት» ይላል፣ አንድ በአንድ። ይህ መምታት ነው፤ ቃላችን በደንብ ይገጥማል። «አንድ በአንድ» የሚለውን ግን አትዝለሉት። አንዱ ሳይዋሃድ ሁለተኛው ከገባ ውህዱ ይቆራረጣል፣ አይብ ይመስላል።

ደረቁን ዕቃ «ዊስክ» አድርጉ ሲል በሽቦ መምቻ ወይም በሹካ ማደባለቅ ነው። ዓላማው ሶዳውን ዱቄቱ ውስጥ እኩል መበተን ነው እንጂ መምታት አይደለም።

ከዚያ «ፎልድ» ይመጣል። የስልኩ ትርጉም «እጠፉ» ይላችኋል። የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ሰፊ ማንኪያ መሃል ላይ ወደ ታች ይገባል፣ የሳህኑን ወለል ይጠርጋል፣ ከታች ያለውን ይዞ በጎን በኩል ወደ ላይ ይወጣና ይገለብጠዋል። ሳህኑ ትንሽ ይዞራል፣ ይደገማል። አማርኛው «በማንኪያ ከታች ወደ ላይ እየገለበጡ በቀስታ ማዋሃድ» ነው። አጠገቡ የቆመው «ጀስት ኮምባይንድ» የሚለው ሐረግ የዚህ ገጽ ቁልፍ ይመስለኛል። ደረቅ ዱቄት መታየት እንዳቆመ አቁሙ ይላል። ጥቂት ጓል ቢቀር ችግር የለም። እኛ ሊጥ ሲባል ማሸት ልማዳችን ስለሆነ ይህን «በደንብ ማደባለቅ» ብሎ የሚተረጉም ብዙ ነው፤ ትርጉሙን ገለበጠው ማለት ነው። ፉርኖ ዱቄት በብዛት ሲነካካ ይጠነክራል፣ ኬኩም እንደ ላስቲክ ይለመጣል።

«ቶስት» የሚለው ግን በአማርኛ የተሻለ ቃል አለው፦ መቁላት። ዋልነቱን ያለ ዘይት በደረቅ መጥበሻ ላይ እያገላበጡ መዓዛው እስኪወጣ መቁላት። ቡና ለሚቆላ ሰው ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም። ዋልነት ከሌለ በለውዝ ይተካል።

ከኬክ ውጪ ባሉ ገጾች የሚያሳስቱ ሌሎች ግሶችም አሉ፣ ዋናዎቹን ላንሳ። «ሶቴ» ብዙ ጊዜ ማቁላላት ተብሎ ይተረጎማል። እኛ ሽንኩርት የምናቁላላው መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ በቀስታ፣ ረጅም ጊዜ ነው። ሶቴ የሚደረገው በጋለ መጥበሻ፣ በትንሽ ዘይት፣ ቶሎ ቶሎ እያማሰሉ፣ በጥቂት ደቂቃ ነው። አንባቢዋ ካቁላላችው የጣሊያን ሶስ የወጥ ቁሌት ይሆንባታል። አይጠላም፣ ግን መጽሐፉ ያሰበው እሱን አይደለም።

«ቦይል» ማፍላት ነው። «ሲመር» ደግሞ እሳቱ ተቀንሶ ከድስቱ ጠርዝ ትናንሽ አረፋ ብቅ ጥልቅ ሲል ነው፤ በእኛ ቋንቋ በቀስታ ማንተክተክ። «ሮስት»፣ «ግሪል»፣ «ፍራይ» ሦስቱም በእኛ አፍ መጥበስ ይሆናሉ፤ ስለዚህ እሳቱ ከየት እንደሚመጣ ጨምራችሁ ጻፉ፦ ምድጃ ውስጥ፣ ፍም ላይ፣ ዘይት ውስጥ። «ብሮይል» በአሜሪካ መጽሐፍ ከላይ ብቻ በሚወርድ ኃይለኛ እሳት መጥበስ ነው። እንግሊዞች ይህንኑ «ግሪል» ይሉታል፤ አሜሪካኖች ግን ግሪል ሲሉ ከታች ፍም ያለውን ነው። የመጽሐፉ አገር ለምን እንዳስፈለገን አሁን ይገባል።

350 ዲግሪ

መጀመሪያ የራሳችሁን ምድጃ መዘውር እዩ። ቁጥሩ 250 አካባቢ ካለቀ ሴልሺየስ ነው። 500 ወይም 550 ከደረሰ ፋራናይት ነው። አዲስ አበባ የሚሸጡት በአብዛኛው በሴልሺየስ ናቸው። የአሜሪካ መጽሐፍ ደግሞ ባይናገርም ፋራናይት ነው። «350» ብቻ ከተጻፈና መዘውሩ እስከ መጨረሻው ከተጠመዘዘ ኬኩ ላዩ ያርራል፣ ውስጡ ጥሬ ይሆናል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከፋራናይቱ 32 ይቀነሳል፣ በ5 ይባዛል፣ ለ9 ይካፈላል። ለ350 ስንሠራው 318 ይቀራል፤ 318 በ5 ሲባዛ 1590፤ ለ9 ሲካፈል 177 ገደማ። መዘውር ላይ 177 የለምና 175 ወይም 180 እንላለን። በኬክ መጻሕፍት ደጋግመው የሚመጡት ሌሎቹ 325 ሲሆን 160 ገደማ፣ 375 ሲሆን 190፣ 400 ሲሆን 200፣ 425 ሲሆን 220 ናቸው። የቆየ መጽሐፍ ቁጥር ሳይጽፍ «ሞደሬት» እሳት ካለ 180 ገደማ ነው። የእንግሊዙ ጋዝ ማርክ 4ም እዚያው ነው።

ምድጃው ማራገቢያ ካለውና ከሠራ በ20 ዲግሪ ዝቅ አድርጉ፤ 180 የነበረው 160 ይሆናል። መጽሐፉ ራሱ የማራገቢያውን ቁጥር ከሰጠ ግን ድጋሚ አትቀንሱ።

«ፕሪሂት» የሚለው አስቀድሞ ማሞቅ ነው። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ፍቀዱለት። ሶዳ የገባበት ሊጥ ምድጃው እስኪሞቅ ጠረጴዛ ላይ ቢቆይ ጉልበቱ ያልቃል። ስለዚህ ስትተረጉሙ ይህን መስመር ከላይ አስቀምጡት፣ መጽሐፉ መሃል ላይ ቢያስቀምጠውም። (መብራት የሚሄድበት ሰፈር ከሆነ መጀመሪያ ጎረቤት ይጠየቅ።)

የዕቃውንም ልክ አትርሱ። «9 በ5 ኢንች» በ2.54 ሲባዛ 23 በ13 ሳንቲ ሜትር ነው። ያው ሊጥ በሰፊ ክብ ዕቃ ከፈሰሰ ይሳሳል፣ ቶሎ ይበስላል። መጽሐፉ ያለው አንድ ሰዓት ያኔ አይሠራም።

ተተርጉሞ ሲያልቅ

በወረቀቱ አንደኛ ወገን የሚቀመጠው፣ መጽሐፉ ያለው ብቻ፣ ይህን ይመስላል።

የሙዝ ኬክ

አስፈላጊ ነገሮች
- የገበታ ቅቤ፣ የለሰለሰ፦ 115 ግራም
- ቡናማ ስኳር፦ ¾ ኩባያ፣ ተጠቅጥቆ የተለካ (160 ግራም)
- እንቁላል፦ 2 ትልልቅ (ያለ ቅርፊቱ 100 ግራም)
- በጣም የበሰለ ሙዝ፣ የተፈጨ፦ 300 ሚሊ ሊትር
- ቫኒላ፦ 1 የሻይ ማንኪያ
- ፉርኖ ዱቄት፦ 1½ ኩባያ (190 ግራም)
- ቤኪንግ ሶዳ፦ 1 የሻይ ማንኪያ፣ ለጥ ብሎ የተለካ
- ጨው፦ ½ የሻይ ማንኪያ
- ዋልነት፦ ½ ኩባያ፣ ከተለካ በኋላ የሚቆላና የሚከተፍ

አሠራር

ምድጃውን በ175 ዲግሪ ሴልሺየስ ማሞቅ። 23 በ13 ሳንቲ ሜትር የሆነ ረዘም ያለ መጋገሪያ ቅቤ መቀባት። ዱቄቱን፣ ሶዳውንና ጨውን በመምቻ ማደባለቅ። በሌላ ሳህን ቅቤውንና ስኳሩን እስኪነጣና ቀለል እስኪል መምታት። እንቁላሉን አንድ በአንድ እየጨመሩ መምታት። ሙዙንና ቫኒላውን መጨመር። ዱቄቱን ጨምሮ ከታች ወደ ላይ እየገለበጡ ማዋሃድ፣ ደረቅ ዱቄት መታየቱን እንዳቆመ ማቆም። ዋልነቱን መጨመር። መጋገሪያው ውስጥ ገልብጦ ከ55 እስከ 60 ደቂቃ መጋገር። መሃሉ ላይ የተሰካ ስቴኪኒ እርጥብ ሊጥ ሳይዝ ከወጣ በስሏል። መጋገሪያው ውስጥ እንዳለ 10 ደቂቃ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ሽቦ ላይ ገልብጦ ማውጣት።

የስቴኪኒው መስመር ከደቂቃው ይበልጣል። ደቂቃው የደራሲው ምድጃ ነው፤ ስቴኪኒው ግን በየትኛውም ምድጃ እውነቱን ይናገራል። ምልክቱ ያልተተረጎመበት አዘገጃጀት ጎደሎ ነው። ስለዚህ ቦታ ጠቦን አንዱን መቁረጥ ካለብን ደቂቃውን እንቁረጥ።

ሁለተኛው ወገን፦ ከፍታው

እስካሁን ያለው ለባሕር ጠረፍ ቅርብ ለሆነ ከተማ ነው። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለ አንባቢ እዚህ ላይ ጨርሷል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ በላይ ናት። እዚህ የአየር ግፊቱ ያንሳል። ሶዳው የሚያወጣው ጋዝ በቀላሉ ይለጠጣል፣ ኬኩ ሳይጸና በፍጥነት ያብጣል፣ ከዚያ መሃሉ ይሰምጣል። ውሃውም የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ እርጥበት ቶሎ ይተናል።

ለዚህ ገጽ እኔ የምጽፈው ለውጥ ይህ ነው። ሶዳው ከ1 ወደ ¾ የሻይ ማንኪያ ይውረድ። ስኳሩ በአንድ ከግማሽ የሾርባ ማንኪያ ይቀነስ፤ ውሃው ሲተን ስኳሩ ይጎላል፣ ስኳር ሲበዛ ደግሞ ኬኩ ለመጽናት ይዘገያል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወተት ይጨመር። ምድጃው በ10 ዲግሪ ከፍ ይበል፣ 185 ገደማ፤ ኬኩ ሳይሰምጥ ቶሎ እንዲጸና ነው። ስቴኪኒውን ከ45 ደቂቃ ጀምሮ ሞክሩ። ድሬዳዋ ያለ ሰው ከፍታው ግማሽ ያህል ስለሆነ የለውጡን ግማሽ ይውሰድ።

የምግብ ቴርሞሜትር ያላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። አንዳንድ መጽሐፍ «የኬኩ ውስጥ 205 ፋራናይት ሲደርስ» ይላል፤ 96 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። አዲስ አበባ ውሃ በ92 ከፈላ እርጥብ ኬክ 96 እስኪደርስ መጠበቅ ማድረቅ ነው። እዚህ 90 አካባቢ ሲደርስ ስቴኪኒ አስገቡ።

ከተጋገረ በኋላ ኬኩ የቱ መስመር እንደተሳሳተ ይነግራችኋል። መሃሉ ከሰመጠና ጠርዙ ከቆመ ወደ ሁለተኛው ወገን ሂዱ፤ ሶዳው ወይም ስኳሩ ይቀነስ። ተቆርጦ ሲታይ ረጃጅም ቀዳዳ ካለውና ከተለመጠ «ፎልድ» የሚለውን ደግማችሁ አንብቡ፤ በዝቶ ተመትቷል። ላዩ ጠቁሮ ውስጡ ሊጥ ከሆነ የዲግሪውን ስሌት ወይም ማራገቢያውን ተመልከቱ። ደርቆ ከተፈረፈረ ዱቄቱ በዝቷል፤ ኩባያው ዱቄት ውስጥ ገብቶ ዝቋል ማለት ነው፣ በሚቀጥለው 190 ግራም መዝኑ። ሳሙና ሳሙና ካለ ደግሞ ፎቶውን እንደገና አጉሉና ያቺ ቲ ትልቋ ትሁን ትንሿ ለዩ።